የማይመጣው የዋይፋይ መግቢያ ገጽ

የሆቴሉ ዋይፋይ ተገናኝቷል፤ የሲግናሉ ምልክትም ሙሉ ነው። የክፍል ቁጥርና ስም አስገቡ የሚለው ገጽ ግን አልመጣም፤ ቴሌግራምም ኢሜይልም አይሠራም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ብሎ ይተወዋል ወይም ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። የውጭ አገር ኤርፖርት ላይ ትራንዚት የሚጠብቅና ሲም ካርዱ እዚያ የማይሠራለት መንገደኛ ግን ሌላ አማራጭ ስለሌለው ችግሩ ይበረታበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሲግናሉ ምንም አልሆነም። የጎደለው ገጹን የሚጠራው ጥያቄ ነው።

ካፕቲቭ ፖርታል የሚባለው ይህ ገጽ በተለመደው አሠራር ከሆቴሉ ተነስቶ በራሱ ወደ ስልካችን አይመጣም። መጀመሪያ መሣሪያችን ከኔትወርኩ ጊዜያዊ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል። ቀጥሎ አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ጥያቄ ይልካል። የሆቴሉ መውጫ ላይ ያለው ራውተር ጥያቄውን ይይዘውና በተጠየቀው ድረ ገጽ ስም «መጀመሪያ ወደዚህ ሂድ» የሚል መልስ ይሰጣል። የመግቢያ ገጹ የሚከፈተው ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይህን ስለሚያውቁ እኛ ሳንጠይቅ ራሳቸው ይጠይቃሉ። አይፎን ዋይፋይ እንደያዘ http://captive.apple.com/hotspot-detect.html የሚለውን ይከፍትና Success የሚል ቃል ይጠብቃል። አንድሮይድ ብዙውን ጊዜ http://connectivitycheck.gstatic.com/generate_204 ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠብቀው ቁጥሩ 204 የሆነ ባዶ መልስ ነው። ዊንዶውስም ለዚሁ ሥራ www.msftconnecttest.com የሚባል አድራሻ አለው። ከተጠበቀው ውጭ የሆነ መልስ ከመጣ መሣሪያው መሐል ላይ ፖርታል እንዳለ ይረዳና ገጹን ያወጣልናል።

እነዚህ አድራሻዎች በ https ሳይሆን በ http መጀመራቸው ሆን ተብሎ ነው። የ http ጥያቄ ክፍት ወረቀት ስለሆነ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አንብቦ በባለቤቱ ስም ሊመልስ ይችላል። የ https ጥያቄ ግን የታሸገ ነው፤ ዘበኛው በባለቤቱ ስም ልመልስ ቢል ማኅተሙ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ወይ መልስ አጥቶ ይቀራል፣ ወይ ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። ዛሬ የምንከፍታቸው ድረ ገጾች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በ https የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ጉግልን ወይም ፌስቡክን ደጋግሞ መክፈት የመግቢያ ገጹን አያመጣውም። ማስጠንቀቂያውን ችላ ብሎ ማለፍም አይገባም፤ መሐል ገብቶ የመለሰው የሆቴሉ ራውተር ይሁን ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት መለየት አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው ክፍት ጥያቄ መላክ ነው። ብራውዘሩ ላይ ከነመነሻው http://neverssl.com ብለን እንጽፋለን፤ ይህ ድረ ገጽ https የማይጠቀመው ለዚሁ አገልግሎት እንዲውል ነው። http:// የሚለውን መዝለል አያዋጣም፤ ብዙ ብራውዘሮች ከተተወ https አድርገው ይሞክሩታል። ቪፒኤን ከበራም እስክንገባ ድረስ እናጥፋው። ቪፒኤን ጥያቄያችንን ሁሉ አሽጎ ሩቅ ወዳለ ሰርቨር ሊልክ ስለሚሞክር፣ ራውተሩ የሚያነበው ክፍት ነገር አይቀርለትም።

ይህም ካልሠራ ዲኤንኤስን እንመልከት። የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው እሱ ነው። አንድ እንግዳ ቤቱ እያለ የላፕቶፑን ዲኤንኤስ በእጁ 8.8.8.8 አድርጎታል እንበል። ሆቴል ገብቶ http://neverssl.com ሲል አድራሻ መጻፊያው ላይ ያለው ስም በድንገት ተለውጦ የማያውቀው ረጅም ስም ይሆናል፤ ገጹ ግን «ሊገኝ አልቻለም» ይላል። የስሙ መለወጥ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ራውተሩ ሥራውን ሠርቶ ወደ ፖርታሉ መርቶታል ማለት ነው። የፖርታሉን ስም የሚያውቀው ግን የሆቴሉ የራሱ ዲኤንኤስ ብቻ ነው፤ 8.8.8.8 ሰምቶትም አያውቅ። እንግዳው ዲኤንኤሱን ወደ አውቶማቲክ መልሶ ዋይፋዩን አጥፍቶ ሲያበራ ገጹ ይከፈታል። አንዳንድ ሆቴሎች ደግሞ የውጭ ዲኤንኤስን ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ያኔ ስሙ ሳይለወጥ ገጹ ብቻ ሳይገኝ ይቀራል፤ መፍትሔው ግን ያው ነው።

1.1.1.1 የሚለው ዲኤንኤስ የራሱ ታሪክ አለው። ክላውድፍሌር በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር ለሕዝብ ዲኤንኤስ ከመክፈቱ በፊት፣ የሲስኮ የዋይፋይ መቆጣጠሪያ የተተከለባቸው ብዙ ቦታዎች ቁጥሩን ለመግቢያ ገጻቸው አድራሻነት ይጠቀሙበት ነበር። አሠራሩ ባልተለወጠበት ቦታ 1.1.1.1ን በእጁ የሞላ ሰው ጥያቄው ከሕንፃው አይወጣም፤ ለዲኤንኤስ ጥያቄ መልስ መስጠት የማያውቀው መቆጣጠሪያ ጋ ይደርሳል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አድራሻ መቀበላችንን ማየት ደግ ነው። ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይበቃል፦

```
ipconfig
```

ከ IPv4 Address አጠገብ ያለው ቁጥር በ 169.254 ከጀመረ ኔትወርኩ አድራሻ አልሰጠንም፤ ቁጥሩን ላፕቶፑ ለራሱ የሰጠው ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ምንም ብንጽፍ ገጹ አይመጣም። ሰው በሚበዛበት ካፌ ይህ የሚያጋጥመው አድራሻው ሲያልቅ ነው። በተለመደው አነስተኛ አደረጃጀት አንድ ኔትወርክ የሚያድለው ቢበዛ 250 ያህል አድራሻ ነው፤ እያንዳንዱ ለ24 ሰዓት ከተያዘ ደግሞ ጠዋት ቡና ጠጥቶ የሄደው ሰው አድራሻ እስከ ነገ አይለቀቅም። ጥፋቱ የእኛ ስላልሆነ ለካፌው ሰዎች መንገር ነው፤ ራውተሩን የሚያስተካክለው ሰው ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት ቢያወርደው ችግሩ ይቃለላል።

አንዳንዴ ገጹን የሚያስቀረው የኔትወርኩ አስተዳዳሪ ራሱ ነው። አይፎን ገጹን የሚያወጣበት ትንሽ መስኮት እንደ ሙሉ ብራውዘር ስላልሆነ፣ አንዳንድ ፖርታሎች እዚያ ላይ በደንብ አይሠሩም። አስተዳዳሪው ይህን ለመሸሽ የአፕልን መፈተሻ ጥያቄ ያሳልፈዋል። ስልኩ የጠበቀውን Success ስላገኘ ኢንተርኔት አለ ብሎ ያምናል፤ መስኮቱም አይወጣም። እንግዳው ብራውዘር ከፍቶ ራሱ እንዲጠይቅ የታሰበ ነበር፤ ይህን የሚነግረው ጽሑፍ ግን ብዙ ቦታ አይለጠፍም። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቢያንስ የፖርታሉን አድራሻ የይለፍ ቃሉ ከተጻፈበት ካርድ ላይ ማተም ይገባል።

ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሻለ መንገድ አለ። በዚያ ዓመት የወጣው RFC 8910 የሚባል ደንብ ራውተሩ አድራሻ ሲያድል የፖርታሉንም አድራሻ አብሮ እንዲናገር ይፈቅዳል። አይፎን ከ iOS 14፣ አንድሮይድም ከ11 ጀምሮ ይህን ያነባሉ። ደንቡ የሚጠቅመው ግን የሆቴሉ ራውተርም ሲያውቀው ነው፤ አሮጌ ዕቃ በተተከለበት ቦታ አሁንም መያዝና መመለስ ነው የሚሠራው።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ ሪሴፕሽን ሄዶ መሣሪያው ያለ ገጹ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ሠራተኛው የመሣሪያውን ማክ አድራሻ ይጠይቃል፤ በጥንድ በጥንድ የተጻፉ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥሮች ናቸው። አዳዲስ ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለየ ማክ አድራሻ ስለሚፈጥሩ፣ ካርቶኑ ላይ የታተመውን ሳይሆን በዚያው ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየውን መስጠት ያስፈልጋል።