በውስን የጂፒዩ ማህደረ ትውስታ የቋንቋ ሞዴልን በአማርኛ ማሠልጠን፦ ሳይታወቅ የሚቆረጥ ጽሑፍ

አንድ ቢሊዮን ፓራሜትር ያለውን የቋንቋ ሞዴል በአዳም ስልት ሙሉ በሙሉ ለማሠልጠን በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ፓራሜትር 16 ባይት ገደማ፣ በድምሩ 16 ጊጋባይት ያህል ማህደረ ትውስታ ያስፈልጋል። ይህ 8 ጊጋባይት ባለው ጂፒዩ ላይ አይቻልም። ሎራ የተሰኘው ዘዴ ግን ነባሮቹን ክብደቶች ሳይነካ በጎናቸው የሚጨመሩ ትንንሽ ማትሪክሶችን ብቻ ያሠለጥናል፤ ነባሮቹም በ16 ቢት ሲያዙ 2 ጊጋባይት ያህል ይወስዳሉ።

ከዚያ በኋላ ቀሪውን ቦታ የሚሻማው የጽሑፉ ርዝመት ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በመሆኑም በአማርኛ ጽሑፍ ያልተገነባ የባይት ቶክናይዘር «አንኮበር» የሚለውን ባለ 5 ፊደል ቃል እስከ 15 ቶክን፣ «ደብረ ብርሃን»ን ደግሞ ከነክፍት ቦታው እስከ 22 ቶክን ሊከፋፍል ይችላል።

ማህደረ ትውስታው ሲሞላ ቀላል የሚመስለው መፍትሔ የርዝመት ጣሪያውን ወደ 512 ቶክን ዝቅ ማድረግ ነው። ስህተቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን በከፋው ሁኔታ ከእያንዳንዱ ናሙና 170 ያህል ፊደል ብቻ ተርፎ ሌላው ይቆረጣል። ይህን ለማወቅ ከሥልጠናው በፊት የጥቂት ናሙናዎችን ቶክን ወደ ጽሑፍ መልሶ መጨረሻቸውን ማየት ይበቃል።

ጣሪያውን ከመቀነስ ይልቅ በአንድ ጊዜ 1 ናሙና ብቻ እያስገቡ የ16 ናሙናዎችን ግራዲየንት ማጠራቀም፣ መካከለኛ ውጤቶችንም ይዞ ከማቆየት ይልቅ በሚያስፈልጉበት ጊዜ እንደገና ማስላት ይመረጣል። ይህ ሥልጠናውን ያዘገየዋል፤ ከጽሑፉ ግን ምንም አያስቀርም።