የበቆሎ ዘር፦ ከጎተራ ወይስ ከከረጢት?

በምዕራብ ጎጃምም ሆነ በምዕራብ ኦሮሚያ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ አዝመራውን በሚሰበስብበት ሰሞን አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «ዘንድሮ እንዲህ ያማረ በቆሎ ከሰጠኝ፣ ከዚሁ ላይ ለዘር ለይቼ ባስቀምጥስ? ለከርሞ ምን ገንዘብ አስወጣኝ?» አባቶቹ ሲያደርጉ የኖሩትም ይህንኑ ነው። የልማት ሠራተኛው ግን «ይሄ ዘር አይመለስም» ይለዋል። ከዚህ ተነሥቶ ዘሩ ጨርሶ የማይበቅል፣ አምራቾቹ ሆን ብለው ያመከኑት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

እውነቱ እንዲህ አይደለም። ከዲቃላ በቆሎ የተለቀመ ፍሬ ቢዘሩት ይበቅላል፤ ያሸታል፤ ያፈራልም። ጥያቄው ምርቱ ምን ያህል ይቀንሳል፣ የሚቀነሰውስ ከአዲስ ዘር ዋጋ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ነው። መልሱ እንደ ዘሩ ዓይነትና እንደ ማሳው ይለያያል።

ዲቃላ ዘር የሚሠራው እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች አንድን የበቆሎ ተክል በራሱ ብናኝ ብቻ እንዲዳቀል ያደርጉና ልጆቹንም እንዲሁ እያደረጉ ለበርካታ ትውልድ ይቀጥላሉ። በመጨረሻ የሚገኘው ዘር አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ነገር ግን ቀጫጫና ምርቱ ዝቅተኛ የሆነ ነው። የዝምድና መዳቀል አመንምኖታል። እንዲህ የመነመኑ፣ ግን እርስ በርስ የማይዛመዱ ሁለት መሥመሮች ሲዳቀሉ ከሁለቱም ወላጆቹ እጅግ የበረታ ልጅ ይወለዳል። ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 540 እንዲህ ከሁለት ወላጆች የተገኘ ነጠላ ዲቃላ ነው። የዚያው ማዕከል ውጤት የሆኑት ቢኤች 660 እና ቢኤች 661 ደግሞ ሦስት ወላጆች አሏቸው፤ መጀመሪያ ሁለቱ ይዳቀላሉ፣ የእነርሱ ልጅ ከሦስተኛው ጋር ይዳቀላል።

ገበሬው ከገዛው ከረጢት ያለው ይህ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ከማሳው የሚለቅመው ፍሬ ግን ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ማሳው ውስጥ ያሉት ተክሎች ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ወንድምና እኅት ተጋቡ ማለት ነው። ያ ተወግዶ የነበረው የዝምድና ድካም ከፊሉ ይመለሳል።

ምን ያህል እንደሚመለስ በሒሳብ መገመት ይቻላል። አንድ ዲቃላ በሔክታር 60 ኩንታል ይሰጣል፣ የመነመኑት ወላጆቹ ደግሞ በአማካይ 20 ኩንታል ይሰጣሉ እንበል። ዲቃላው ያተረፈው 40 ኩንታል ነው። ሁለት ወላጅ ያለው ዲቃላ ዘሩ ሲደገም የዚህን ትርፍ ግማሽ ያጣል፤ 20 ኩንታል ይቀነስና 40 ይሆናል። ሦስት ወላጅ ያለው ከ8 እጅ 3ቱን ያጣል፤ 15 ኩንታል ይቀነስና 45 ይሆናል። በእውነተኛ ማሳ ቁጥሩ እንደ ዝርያው፣ እንደ ዝናቡና እንደ ማዳበሪያው ከፍ ዝቅ ቢልም አቅጣጫው አይለወጥም። ከብዙ ተክል እየተለቀመ ዘሩ ለሦስተኛ ጊዜ ቢደገም ግን ምርቱ እንደገና በዚያው ልክ አይወርድም። ዋናው ኪሳራ የመጀመሪያው ድጋሚ ላይ ነው።

የተደገመ ዲቃላ የተዘራበት ማሳ ሲያዩት ያስታውቃል። አዲስ ዲቃላ ቁመቱ እኩል ነው፤ አበባውን የሚያወጣውም በአንድ ሰሞን ነው። በተደገመው ላይ ግን አንዱ አገዳ ረዝሞ ጎረቤቱ ከትከሻው በታች ይቀራል። አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ ሌላው ገና ጸጉሩን አላወጣም። ጸጉሩ አርፍዶ ሲወጣ ብናኝ ስለሚያልቅበት ፍሬው ያልሞላ፣ ጥርሱ እንደ ወላለቀ የሚመስል ራስ ይበዛል። እያንዳንዱ የበቆሎ ጸጉር የሚያፈራው አንድ ፍሬ ነውና ብናኝ ያልደረሰው ጸጉር ቦታው ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ ሒሳቡን በግማሽ ሔክታር እንሥራው፤ በብዙ ቦታ ሁለት ጥማድ የሚባለው ነው። ለዚህ ስፋት 12.5 ኪሎ ዘር ይበቃል። ዝናብ በማይቸግርበትና ማዳበሪያ በሚገባው ልክ በገባበት ማሳ አዲስ ዲቃላ 25 ኩንታል ቢሰጥ፣ የተደገመው አንድ አራተኛውን እንኳ ቢያጣ 6 ኩንታል ይጎድላል። የዘር ዋጋ ከእህል ዋጋ ስምንት እጥፍ ቢሆን 12.5 ኪሎ ዘር የሚያስወጣው የ1 ኩንታል በቆሎ ዋጋ ነው። 1 ኩንታል ለማትረፍ 6 ኩንታል ማጣት አያዋጣም። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ የዲቃላ ዘር በየዓመቱ መግዛት ትክክል ነው።

አሁን ደግሞ ዝናብ አጠር ወደሆነው ወደ ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። አንድ ገበሬ ከግማሽ ሔክታር የሚያገኘው 8 ኩንታል ነው እንበል። ዲቃላው አንድ አምስተኛ ቢጨምርለት ጭማሪው 1.6 ኩንታል ነው፤ የዘሩ ዋጋ 1 ኩንታል ሲቀነስ የተረፈው ከ1 ኩንታል በታች ነው። ዝናቡ ጠፍቶ ምርቱ 3 ኩንታል ከሆነ ደግሞ ጭማሪው 60 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ የዘሩን ዋጋ እንኳ አይመልስም። ያውም ገንዘቡ የወጣው ዝናቡ ከመታወቁ በፊት፣ ምናልባትም በብድር ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ገበሬ የሚሻለው በነጻ የሚዳቀል ዝርያ ነው። አዳማ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሳ 2 እና መልካሳ 4 ከዚህ ወገን ናቸው፤ ምርጥ ዘር ናቸው፣ ዲቃላ ግን አይደሉም። ዝርያው ከመጀመሪያውም ልዩ ልዩ ደም ያላቸው ብዙ ተክሎች ስብስብ ስለሆነ ዘሩ ሲደገም ዲቃላው የሚደርስበት ድንገተኛ ውድቀት አይደርስበትም። ይሁን እንጂ ከጎተራ የተዘገነ ሁሉ ዘር አይሆንም።

ትልቁ ችግር የጎረቤት ብናኝ ነው። በቆሎ በነፋስ ስለሚዳቀል ዘር አባዢዎች ከሌላ በቆሎ ማሳ 200 ሜትር ያህል ይርቃሉ። ጎረቤቱ ቢጫ በቆሎ ዘርቶ ከሆነ በነጩ ራስ ላይ እዚህም እዚያም ቢጫ ፍሬ ስለሚታይ ብናኙ መግባቱ በዚያው ዓመት ይታወቃል። ጎረቤቱም ነጭ ከዘራ ግን ምንም ምልክት የለም፤ የሚታወቀው በዓመቱ ማሳው ሲዘበራረቅ ነው። መሬት ለጠበበው ሰው ያለው መላ የአበባው ጊዜ በአንድ ወር ያህል እንዲለያይ አስቀድሞ ወይም አዘግይቶ መዝራት፣ ይህም ካልሆነ ከማሳው መሐል ብቻ መልቀም ነው።

ዘር የሚመረጠው አገዳው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ከተከመረው ላይ ትልልቁን ራስ የሚያነሣ ሰው ያ ራስ የተለቀው ተክሉ ብቻውን ሰፊ ቦታ ወይም የፍግ ክምር አጠገብ ስለቆመ መሆኑን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ከማሳው ዳር 5 ሜትር ያህል ትቶ፣ ጎረቤት ተክሎች ከበውት ሳለ ያልወደቀ፣ ያልታመመ፣ የራሱ ሽፋን ጫፉ ድረስ የተዘጋ ተክል ላይ ምልክት ያስራል። ሽፋኑ ያልተዘጋ በቆሎ ማሳ ላይ እያለ ነቀዝ ይገባዋል። ከእያንዳንዱ ራስ የጫፉንና የግርጌውን ፍሬ ትቶ የመሐሉ ሲፈለፈል 100 ግራም ያህል ይገኛል፤ ለ12.5 ኪሎ 125 ራስ ያስፈልጋል ማለት ነው። መጠባበቂያ ጨምሮ 200 መያዝ ይሻላል። ከ10 እና ከ20 ራስ ብቻ ዘር የሚያወጣ ገበሬ በገዛ እጁ የዝምድናን ድካም ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማድረቅ ነው። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጨውና ጥቂት በቆሎ በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ከትቶ በደንብ መነቅነቅና ትንሽ ማቆየት ነው፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ገና ነው። ምድጃ በላይ ማንጠልጠል ነቀዝን ያርቃል፤ ነበልባሉ ከቀረበው ግን የዘሩን ነፍስ ያጠፋል። የደረቀው ዘር አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም ጀሪካን ታሽጎ ይቀመጣል።

ሊዘራ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት፣ በ7ኛው ቀን የበቀለውን መቁጠር ያስፈልጋል። ከ85 በላይ ከበቀለ መልካም ነው። 70 ገደማ ከሆነ ዘሩን ጨመር አድርጎ መዝራት ይቻላል፤ ከዚያ ካነሰ ሌላ ዘር ለመፈለግ ገና ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገም ቢሆን የጎረቤት ብናኝ ቀስ በቀስ መግባቱ ስለማይቀር በሦስት ዓመት አንዴ አዲስ የነጻ ተዳቃይ ዘር መግዛት ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በቆሎን ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ አበባቸው በራሱ የሚዳቀል ስለሆነ ገበሬው ከምርቱ ዘር ቢይዝ የዝምድና ድካም አያሠጋውም፤ የሚያሠጋው ከሌላ ዝርያና ከአረም ዘር ጋር መደባለቅ ነው፤ በስንዴ ደግሞ አሮጌው ዝርያ ዋግን መቋቋም ሲያቅተው በአዲስ መተካት ግድ ይላል።

ስለዚህ ዘር ከመግዛቱ በፊት «ይሄ ዲቃላ ነው ወይስ በነጻ የሚዳቀል?» ብሎ መጠየቅ፣ ስሙንም ጽፎ መያዝ ይገባል። ማሳው ዝናብ የጠገበና ማዳበሪያ ያገኘ ከሆነ ዲቃላውን በየዓመቱ ይግዛ። ዝናቡ የማያስተማምን፣ ገንዘቡም አጭር ከሆነ በነጻ የሚዳቀለውን ይዞ በሥርዓቱ ይምረጥ። ዲቃላ ዘርቶ አዲስ ዘር ሳይደርስለት የቀረ ሰው ደግሞ የራሱን ቢደግም ማሳው ጦሙን አያድርም፤ የሚጎድለውን ኩንታል ግን አስቀድሞ አስልቶ ይግባበት።