«ሐሙስ ውሃ አይኖርም»

«ነገ ውሃ ይጠፋል፤ አጠራቅሙ።» በኮንዶሚኒየም የቴሌግራም ግሩፖች የሚለጠፍ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ከሥሩ የሚከተለው የጥያቄ መዓት ግን ይረዝማል፦ ከስንት ሰዓት? የትኛው ብሎክ? ማታ ይመጣል? የኮሚቴው ጸሐፊ አንድ በአንድ ሲመልስ ዋናው መልእክት በመልሶቹ ይሸፈናል፤ ዘግይቶ የገባ ሰው የሚያየው ክርክሩን ብቻ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጣሪያ ላይ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ያለው ብሎክ ሮቶውን ሊያሳጥብ ነው። ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍ ጥያቄ አያስነሳም፦

«ለብሎክ 12 ተከራዮችና ባለቤቶች። ሐሙስ ኅዳር 11 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ አይኖርም። ምክንያቱ የሮቶ እጥበት ነው፤ ሌሎች ብሎኮችን አይመለከትም። ለመጸዳጃና ለማዕድ ቤት የሚበቃችሁን ረቡዕ ማታ ቅዱ። ሐሙስ ከቤት ስትወጡ ቧንቧ ዝጉ፣ ቦይለር አጥፉ። ውሃው ሲመለስ እዚሁ እንነግራችኋለን።»

ሰባቱ ሰዓት ከየት መጣ? ሮቶውን አንጠፍጥፎ ግድግዳውን ለመፈተግ ሁለት ሰዓት፣ በክሎሪን ለማከምና ለማለቅለቅ አንድ ሰዓት ተኩል ተያዘ። ፓምፑ በሰዓት 2,000 ሊትር የሚገፋ ከሆነ ሮቶው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ድምሩ ስድስት ነው፤ አንዱ ለእክል የተተወ ነው። ቀድሞ የመጣ ውሃ ማንንም አያስቀይምም። ቀኑም እንዲሁ አልተመረጠም፤ ቅዳሜ ልብስ የሚታጠብበት ነው፣ ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ውዱ የሚያደርጉ ጎረቤቶች አሉ።

«ቧንቧ ዝጉ» የምትለዋ ለጌጥ የገባች አይደለችም። ሰው ቧንቧውን ይከፍታል፣ ውሃ የለም፣ ሳይዘጋ ወደ ሥራ ይሄዳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ሲመለስ በሩ የተቆለፈ ነው፤ የታችኛው ቤት ኮርኒስ መንጠባጠብ ይጀምራል። ቦይለርም ውሃ ሳይኖረው ከሞቀ ማሞቂያው ይቃጠላል። «የሚበቃችሁን» ለሚለው ደግሞ መጸዳጃ ቤት አንዴ ሲለቀቅ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሊትር እንደሚወስድ ማሰብ ነው፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሦስቴ ቢያገለግል ነው።

መልእክቱ የሚጻፈው ጸሐፊው ጊዜ ሲያገኝ፣ ምናልባት እሑድ ከሰዓት ነው። የሚነበበው ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ ረቡዕ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ቢደርስ ይሻላል። ለዚህ ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ መያዝና Schedule Message የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ ስልኩ ቢዘጋም መልእክቱ በሰዓቱ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የምሽቱ አንድ ሰዓት እዚያ 19:00 ነው፤ 1:00 ብሎ የሞላ ጸሐፊ ጎረቤቱን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይቀሰቅሳል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላል፤ ኅዳር 10 ቀን 2018 እዚያ ኖቬምበር 19 ነው። መልእክቱ ውስጥ ግን ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ሳይረሱ መጻፍ ይገባል። «2 ሰዓት» ብቻ ከተባለ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ አድርጎ ይረዳዋል።

ሁለተኛው አደጋ የእጥበቱ ቀን ሲዛወር ይመጣል። በቀጠሮ የተቀመጠ መልእክት ለግሩፑ አባላት አይታይም፤ የሚያየው የጻፈው ብቻ ነው። ሠራተኛው ማክሰኞ ደውሎ «አልመጣም» ካለና ጸሐፊው ቀጠሮውን ካልሰረዘ፣ ብሎኩ ሙሉ ረቡዕ ማታ በከንቱ ጀሪካን ሲሞላ ያመሻል። ከዚያ በኋላ የሚላክን ማስታወቂያ ማን ያምናል?

ግሩፑ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይ ነው፤ ውሃው የሚቋረጥበት ተከራይ አልገባም፣ ወይም ጥቅል አልቆበታል። ስለዚህ ያው ጽሑፍ በወረቀት ደረጃው ሥር ይለጠፍ፤ ጥበቃውም ለወጪ ገቢው ይንገር።

በቀጠሮ መላክ የሌለበት አንድ መልእክት አለ፤ «ውሃ መጥቷል» የሚለው። ፓምፑ ቢበላሽ ስልኩ አያውቅም፤ በዘጠኝ ሰዓት መጥቷል ብሎ ይዋሻል። ይህን የሚጽፈው ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ቧንቧ ከፍቶ ያየ ሰው ነው። እግረ መንገዱንም፣ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ አየርና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ እስኪጠራ ድረስ ነጭ ልብስ እንዳይነከርበት ይጨምርበት።