«እናታችን ናቸው» አይበቃም

36 ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ መምህርት በ2017 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ለስንብታቸው የሚታየውን የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ስክሪፕት እንድጽፍ ባልደረቦቻቸው ጠየቁኝ። መጀመሪያ የቀረጽኩት ምስክርነት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ታታሪ ናቸው፣ ሰው አክባሪ ናቸው፣ እናታችን ናቸው።» ቃሉ ከልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን የሌላ መምህር ስም ቢገባበትም ያስኬዳል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» ማለቱን ትቼ «አንድ ቀን ሲያደርጉ ያዩትን ይንገሩኝ» አልኩ። የጥበቃው አባባ ጥቂት አሰቡና፣ «ጠዋት ጠዋት እዚህ በሩ ጋ ቆመው በምላጭ እርሳስ ይቀርጹ ነበር። ለራሳቸው መስሎኝ! ለካ እርሳስ ለሌለው ልጅ ነው። አንዷን ለሁለት ቆርጠው» አሉኝ። ፊልሙን ያገኘሁት ያኔ ነው።

ስክሪፕቱ ሲጻፍ ገጹ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው። የእኛ እንዲህ ጀመረ፦

ምስል፦ ጨለማ። ድምፅ፦ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቸርኬ፣ ሦስት ጊዜ ሲመታ።

ምስል፦ ወጣቷ መምህርት ከጥቁር ሰሌዳው ፊት፣ 5 ሰከንድ። ድምፅ፦ ተራኪ፣ «1981 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያ ክፍላቸው።»

ምስል፦ አባባ በሩ ጋ። ድምፅ፦ ምስክርነታቸው፣ 25 ሰከንድ። «ለሁለት ቆርጠው» ካሉ በኋላ ወደ እጃቸው ፎቶ፤ ምላጭና እርሳስ።

«ካሉ በኋላ» የሚለው ማዘዣ ቀላል አይደለም። ፎቶው ቀድሞ ከወጣ ተመልካቹ ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የአባባም ቃል ከንቱ ይቀራል።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው። አራት ምስክሮች 100 ወሰዱ፣ መክፈቻና መዝጊያው 40። በተረፈው 160 ሰከንድ፣ ለአንዱ ፎቶ አምስት ሰከንድ ሲሰጥ፣ የሚገባው ሠላሳ ያህል ብቻ ነው። ከየቤቱ የመጣው ግን ከመቶ ይበልጥ ነበር። ልብ እያመመኝ ቀነስኩ፤ ሰው ቆሞ ከሚታይበት ይልቅ ሥራ ላይ ያለበትን አስቀረሁ።

የአሮጌ ፎቶ ቀን ደግሞ ያሳስታል። የአንዱ ጀርባ «1991» ይላል። በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ 1983 ወይም 1984 ዓ.ም. ማለት ነው። ከመምህራኑ ጀርባ የሚታየው ሕንፃ ግን በ1988 ዓ.ም. የተሠራ መሆኑን ርዕሰ መምህሩ ስላስታወሱ፣ ቀኑ የእኛው እንደሆነ ታወቀ።

ለዚያ የቡድን ፎቶ፣ ሁሉም ራሱን ስለሚፈልግበት፣ 8 ሰከንድ ሰጠሁት። በስንብቱ ቀን ሲወጣ ከኋላ ወንበር አንድ ጡረተኛ መምህር «አቁሙት! አቁሙት!» ብለው ተነሡ። ቴክኒሻኑ አቆመው። ሰዉ ወደ ስክሪኑ እየቀረበ፣ በሕይወት የሌሉትን በየስማቸው ይጠራ ጀመር።