መብራት ሲመለስ ፍሪጁ ለምን ይጠብቃል?

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አምፖሉ ወዲያው ይበራል፤ በስታብላይዘር በኩል የተሰካው ፍሪጅ ግን ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ኮምፕረሰሩ ሲቆም ጋዙ በአንዱ ወገን ከፍ ያለ፣ በሌላው ዝቅ ያለ ግፊት ይዞ ይቀራል። ግፊቱ ሳይመጣጠን ሞተሩ እንዲነሳ ቢደረግ መዞር ያቅተውና ብዙ ከረንት እየሳበ ይግላል። ስለዚህ ስታብላይዘሩ ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚያገናኘው። በፕሮግራም የሚቆጥሩ ስታብላይዘሮች አሉ። ቀለል ባለ ሰርኪዩት ግን ጊዜውን ከአንድ ሬዚስተርና ከአንድ ካፓሲተር ማግኘት ይቻላል።

እንዴት እንደሚቆጥሩ ለማየት ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ባለ 100 ማይክሮ ፋራድ ባዶ ካፓሲተር አከታትለን፣ በማብሪያ ማጥፊያ በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር እናገናኝ። ማብሪያው ሲጫን ካፓሲተሩ ላይ ገና ምንም ቮልቴጅ የለም። 12ቱም ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል፤ በውስጡም 120 ማይክሮ አምፒር ያልፋል። ይህ ከረንት ካፓሲተሩን መሙላት ይጀምራል። ካፓሲተሩ እየሞላ ሲሄድ ቮልቴጁ ስለሚጨምር ለሬዚስተሩ የሚተርፈው ያንሳል። ካፓሲተሩ 6 ቮልት ሲደርስ ለሬዚስተሩ የቀረው 6 ቮልት ብቻ ነው፤ ከረንቱም ወደ 60 ማይክሮ አምፒር ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ካፓሲተሩ ወደ መሙላት በቀረበ ቁጥር የመሙላት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው 120 ማይክሮ አምፒር ሳይቀንስ ቢቀጥል ኖሮ ካፓሲተሩ ልክ በ10 ሰከንድ 12 ቮልት ይደርስ ነበር። ይህ 10 ሰከንድ የሰርኪዩቱ ታይም ኮንስታንት ይባላል። የሚገኘውም ሬዚስተሩን በኦም፣ ካፓሲተሩን በፋራድ ወስዶ በማባዛት ነው፤ 100,000 በ0.0001 ሲባዛ 10 ይሆናል። በተግባር ግን ከረንቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ካፓሲተሩ በ10ኛው ሰከንድ የሚደርሰው 7.59 ቮልት ላይ ነው፤ ይህም ከ12 ቮልቱ 63.2 በመቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ልዩነት 4.41 ቮልት ነው። የሚቀጥለው 10 ሰከንድ ደግሞ ከዚህ ቀሪ ልዩነት 63.2 በመቶውን ይሞላል። እንዲህ እያለ በ20 ሰከንድ 10.38፣ በ30 ሰከንድ 11.40፣ በ40 ሰከንድ 11.78፣ በ50 ሰከንድ 11.92 ቮልት ይደርሳል። በመቶኛ ካየነው ከአንድ እስከ አምስት ታይም ኮንስታንት ድረስ 63.2፣ 86.5፣ 95፣ 98.2 እና 99.3 ነው። ባለሙያዎች ከአምስት ታይም ኮንስታንት በኋላ ካፓሲተሩን እንደ ሞላ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ በስሌቱ ግን ፈጽሞ ሞልቶ አያልቅም። ለማንኛውም ቁጥር የሚያገለግለው ቀመር ይኸው ነው፦

V = Vs × (1 − e^(−n))

Vs የባትሪው ቮልቴጅ፣ n ያለፉት ታይም ኮንስታንቶች ብዛት፣ e ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። ባትሪው በ24 ቮልት ቢተካ ካፓሲተሩ ቶሎ የሚሞላ ይመስላል። ከረንቱ በእርግጥ እጥፍ ይሆናል፤ መድረስ ያለበት ቮልቴጅም ግን እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ 63.2 በመቶ የሚደርሰው አሁንም በ10ኛው ሰከንድ ነው። ጊዜውን የሚወስኑት ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ ብቻ ናቸው።

ትውልደ ስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ሃንስ ካሜንዚንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲግኔቲክስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 555 የተሰኘውን ቺፕ ሲነድፍ የተጠቀመው ይህንኑ ጠባይ ነው። ቺፑ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ እየተከታተለ፣ የምንጩን ሁለት ሦስተኛ ሲነካ መውጫውን ይቀይራል። ምንጩ 12 ቮልት ከሆነ ወሰኑ 8 ቮልት፣ 9 ቮልት ከሆነ 6 ቮልት ይሆናል። ወሰኑ ከምንጩ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ የባትሪው መዳከም ቆጠራውን ብዙም አያዛባውም። ካፓሲተሩ ከባዶ ተነስቶ ሁለት ሦስተኛ የሚደርሰው በ1.1 ታይም ኮንስታንት ነው፤ በእኛ ሰርኪዩት 11 ሰከንድ መሆኑ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ካፓሲተሩ ባዶ ሆኖ ከጀመረ ነው። መብራት ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ቢመለስና ካፓሲተሩ ላይ 6 ቮልት ቢቀር፣ 8 ቮልት ለመድረስ የሚፈጅበት 4 ሰከንድ ብቻ ነው። ፍሪጁ ጥበቃ በሚያስፈልገው ሰዓት ጥበቃው ያጥራል። ስለዚህ ሠሪዎች ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን ዳዮድ ያስገባሉ፤ ምንጩ ሲጠፋ ካፓሲተሩ በዳዮዱ በኩል ቶሎ ይራገፋል።

አሁን 11 ሰከንዱን ወደ ሦስት ደቂቃ እናሳድገው። 180 ሰከንድ ለ1.1 ሲካፈል 164 ሰከንድ ያህል ታይም ኮንስታንት ይሰጣል። ካፓሲተሩን ሳንነካ ሬዚስተሩን 1.64 ሜጋ ኦም ብናደርገው በወረቀት ላይ ጉዳዩ አለቀ። ሰርኪዩቱ ተሠርቶ ሲሞከር ግን አንዳንዴ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይቀይርም።

ጥፋተኛው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሩ ነው። እንዲህ ያለው ካፓሲተር ትንሽ ከረንት በውስጡ ያሾልካል። ወሰኑ ጋ ሲደርስ ለሬዚስተሩ የሚቀረው 4 ቮልት ሲሆን በ1.64 ሜጋ ኦም ውስጥ የሚያልፈው 2.4 ማይክሮ አምፒር ብቻ ነው። ካፓሲተሩ 3 ማይክሮ አምፒር የሚያሾልክ ከሆነ የሚሾልከው ከሚገባው ይበልጣል፤ ቮልቴጁ ከ8 ቮልት በታች ቆሞ ይቀራል። ያረጁና የሞቁ ካፓሲተሮች ደግሞ የበለጠ ያሾልካሉ። በመልቲሜትር ቢለካ ቮልቴጁ ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ከወሰኑ በታች ተገትሮ ይታያል። መልቲሜትሩ ራሱም ብዙ ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ያህል ስላለው የራሱን ድርሻ ይስባል፤ እንዲህ ባለ ቦታ መለኪያውም ችግሩን ያባብሳል።

ትልቅ ካፓሲተር መግዛት አያድንም፤ ካፓሲተሩ ሲተልቅ የሚያሾልከውም አብሮ ያድጋል። የተሻለው መንገድ ረጅሙን ጊዜ ከአንድ ሙሌት አለመጠበቅ ነው። 4060 የተባለው ቺፕ ካፓሲተሩን በፍጥነት እየሞላና እያራገፈ ምቶቹን ይቆጥራል፤ አንዱ ምት ወደ 2.2 ታይም ኮንስታንት ገደማ ይፈጃል። 100 ኪሎ ኦምና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ብንሰጠው ታይም ኮንስታንቱ 10 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዱ ምት ደግሞ 22 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። የመጨረሻው መውጫ እግር የሚቀየረው በ8192ኛው ምት ነው፤ ያም 180 ሰከንድ ነው። ለ0.1 ማይክሮ ፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ አያስፈልግም። የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ይበቃል፤ የሚያሾልከውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።