ከዱባይ የመጣ ኢንቮይስ እንዴት ይነበባል?

ዱባይ ደይራ ገበያ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ አነስተኛ አስመጪ ዋጋ እስኪቆረጥ ድረስ ብዙም አይቸገርም። ሻጩ እንግሊዝኛ ይሞክራል፣ ሒሳብ ማሽኑ ይቀራረባል፣ አማርኛ የሚችል ሰውም አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ሲጻፍ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን የሚሞላው በወረቀቱ መሠረት ነው፤ በቃል የተባለው እዚያ ዋጋ የለውም። ስሕተት ካለ ሱቁ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ይታረማል። ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ሰነድ ማስለወጥ ቀናት ይፈጃል፣ የመጋዘን ኪራይም ይቆጥራል።

መጀመሪያ የሚታየው የወረቀቱ አናት ነው። ዐረቦች ኢንቮይስን «ፋቱራ» ይሉታል፤ ከፋቱራ ቀጥሎ ያለው ቃል ግን የወረቀቱን ዓይነት ይለውጠዋል። «ፋቱራ መብደኢያ» ፕሮፎርማ ነው፤ ዋጋ ማቅረቢያ እንጂ የሽያጭ ማስረጃ አይደለም። ባንክ ሊጠይቀው ይችላል፣ ዕቃ ለማውጣት ግን አይበቃም። «ፋቱራ ቲጃሪያ» የንግድ ኢንቮይስ ነው፤ ጉምሩክ የሚፈልገው ይህንን ነው። «ፋቱራ ደሪቢያ» ደግሞ የታክስ ኢንቮይስ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላሉ፤ ወረቀቱ ላይ «ደሪበት አል-ቂማ አል-ሙዳፋ» ተብሎ ይጻፋል። ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የታክሱ ምጣኔ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ዕቃው በእርግጥ ከአገር መውጣቱ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሽያጩ እንደ ኤክስፖርት መመዝገቡን ሻጩን መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ ሠንጠረዡ ይመጣል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ተራ ቁጥሩ በቀኝ ጫፍ፣ ጠቅላላ ዋጋው በግራ ጫፍ ይሆናል። «አል-ከሚያ» ብዛት ነው፣ «ሲዕር አል-ወሕዳ» የአንዱ ዋጋ፣ «አል-ኢጅማሊ» ድምር። ዓምዶቹ ከቀኝ ይጀምሩ እንጂ እያንዳንዱ ቁጥር ልክ እንደ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሮቹ ላይ ነው። የኤምሬቶች የታተሙ ኢንቮይሶች በአብዛኛው የምናውቃቸውን አኃዞች ይጠቀማሉ፤ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች እንዲሁም ከሳዑዲ፣ ከግብፅና ከሱዳን የሚመጡ ሰነዶች ግን ብዙ ጊዜ በዐረብ አኃዝ ይመጣሉ። በእነዚህ አኃዞች ዜሮ ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት። ትንሽ ክብ ሆኖ የእኛን ዜሮ የሚመስለው 5 ነው። የእኛን 7 የሚመስለው ደግሞ 6 ነው። 7 እንደ «ሀ» ወደ ላይ ይከፈታል፣ 8 እንደ «ለ» ወደ ታች ይከፈታል። 1 እና 9 ግን አያደናግሩም።

አንድ አስመጪ 200 ብርድ ልብስ እያንዳንዱን በ65 ድርሃም ገዛ እንበል። 65 በዐረብ አኃዝ ሲጻፍ ላልለመደ ዓይን ልክ 70 ይመስላል። በ70 ካሰበው ድምሩ 14,000 ድርሃም ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን 13,000 ነው። ይህን የመሰለ ልዩነት ለማግኘት ዐረብኛ መቻል አያስፈልግም። ብዛቱን በአንዱ ዋጋ አባዝቶ ከድምሩ ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ካልገጠመ አንዱ አኃዝ በስሕተት ተነቧል ወይም በስሕተት ተጽፏል።

ከድምሩ በታች «ኸስም» የሚል መስመር ካለ ቅናሽ ነው። በምሳሌያችን ሻጩ 5 በመቶ ማለትም 650 ድርሃም ቀነሰ፤ ቀሪው 12,350 ሆነ። ቅናሹ ወረቀቱ ላይ መታየት አለበት። በቃል የተሰጠ ቅናሽ ለጉምሩክ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፣ ቀረጡም በሙሉው ዋጋ ላይ ይታሰባል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ዋጋው እስከ የት ድረስ ነው የሚለው ነው። «ተስሊም አርድ አል-መስነዕ» ማለት ዕቃው ከሻጩ ደጅ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ሁሉ የገዢው ነው ማለት ነው። «ተስሊም ዐላ ዘህር አስ-ሰፊና» የምናውቀው ኤፍ ኦ ቢ ነው፤ ሻጩ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ይከፍላል። «አት-ተክሊፋ ወት-ተእሚን ወኡጁር አሽ-ሸሕን» ደግሞ ሲ አይ ኤፍ ነው፤ የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የጭነት ሒሳቡ አንድ ላይ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው ከዚህ ከሦስቱ ድምር ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ኢንቮይሱ ኤፍ ኦ ቢ ከሆነ ጭነትና ኢንሹራንስ ይጨመራሉ። በብርድ ልብሱ ምሳሌ ጭነቱ 1,400፣ ኢንሹራንሱ 120 ድርሃም ቢሆን የቀረጥ መነሻው 12,350 ሳይሆን 13,870 ድርሃም ይሆናል። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 ስለታሰረ ይህ 3,777 ዶላር ገደማ ነው። ለቀረጥ የሚሆን ገንዘብ በ12,350 አስልቶ ይዞ የመጣ ሰው ወደቡ ላይ ይጎድልበታል።

ክብደቱም ሁለት ዓይነት ነው። «አል-ወዝን አስ-ሳፊ» የዕቃው ብቻ የተጣራ ክብደት ሲሆን «አል-ወዝን አል-ቃኢም» ከነካርቶኑ ያለው ጥቅል ክብደት ነው። ብርድ ልብሶቹ 600 ኪሎ ሆነው ካርቶኑ 40 ኪሎ ቢጨምር፣ ኢንቮይሱ፣ «ቃኢመት አት-ተዕቢአ» የሚባለው የማሸጊያ ዝርዝርና «ቡሊሰት አሽ-ሸሕን» የሚባለው የጭነት ሰነድ ሦስቱም ጥቅል ክብደቱን 640 ማለት አለባቸው። አንዱ 600 ካለ ለፈታሹ ጥያቄ ይከፍታል፣ ካርቶኖቹም አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ይቆማሉ።

«በለድ አል-መንሸእ» ዕቃው የተሠራበት አገር ነው፣ የተጫነበት ወደብ አይደለም። ከዱባይ የሚገዛው ዕቃ ብዙው «አስ-ሲን»፣ ማለትም ቻይና፣ ወይም «አል-ሂንድ»፣ ማለትም ሕንድ የተሠራ ነው። ወረቀቱ ላይ የኤምሬቶች ስም ብቻ ተጽፎ ካርቶኑ ላይ ቻይና ከተባለ ሰነዱና ዕቃው ተጣሉ ማለት ነው። «ኢዓደት ተስዲር» የሚል ቃል ከታየ ዕቃው ከሌላ አገር ገብቶ መልሶ እየተላከ መሆኑን ይነግራል፤ ይህ ሕጋዊና የተለመደ ነው፣ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

አንዳንድ ሻጭ «ለጉምሩክ ዝቅ ያለ ሌላ ፋቱራ ልጻፍልህ» ይላል። ይህ ለገዢው ወጥመድ ነው። ጉምሩክ የቀረበው ዋጋ አጠራጣሪ ከሆነበት ትቶት በተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋ ሊያሰላ ይችላል፤ የሐሰት ሰነድ ማቅረብ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ቅጣቱን የሚከፍለው ዱባይ ያለው ሻጭ ሳይሆን ሞጆ ያለው አስመጪ ነው።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት አስመጪው ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ አንደኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈበት የንግድ ኢንቮይስ፤ ሁለተኛ፣ «ኸትም» የሚሉት ማኅተምና «ተውቂዕ» የሚሉት ፊርማ ያለበት ዋና ቅጂ። ከዚያም ፎቶ አንሥቶ ለትራንዚተሩ ይላክለት፤ እሱ አይቶ እሺ እስኪል ድረስ ዕቃው ከሱቁ ባይወጣ ይሻላል።