ድሮኑ ቆሞ ምስሉ ለምን ይሞገዳል?

ድሮኑ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቪዲዮው ላይ ግን የሕንፃው ቋሚ መስመሮች እንደ ውሃ ይሞገዳሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጊምባሉን ነው። ጊምባል በትንንሽ ሞተሮች የድሮኑን ማዘንበልና መዞር ያካክሳል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር፣ ሚዛኑን የሳተ ፕሮፔለር ግን በሰከንድ 100 ጊዜ ይነዝራል፤ ይህን ሞተሮቹ ተከትለው አይደርሱበትም። አብዛኞቹ የድሮን ካሜራዎች ደግሞ ምስሉን በየመስመሩ ተራ በተራ ስለሚያነቡ፣ እያንዳንዱ መስመር የሚቀረጸው ካሜራው በጥቂቱ ከቦታው ሲነቃነቅ ነው። ሞገዱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ንዝረቱን የሚያበርዱት ጊምባሉ የተንጠለጠለባቸው የጎማ ኳሶች ናቸው። ጎማው ለካሜራው ክብደት ከመጠን በላይ ከጠነከረ ንዝረቱን ያሳልፋል፤ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ካሜራው ራሱ ይወዛወዛል። ስለዚህ ለከባድ ካሜራ የተመረጠ ጎማ ለቀላሉ ላይሆን ይችላል።

ጎማ ከመቀየር በፊት ግን ፕሮፔለሮቹን መመርመር ይሻላል፤ ጫፉ የተሸረፈ አንድ ክንፍ ብቻ ይበቃል። አዲስ ገጥሞ ያንኑ ሕንፃ እንደገና መቅረጽ ነው፤ ሞገዱ ከጠፋ ጎማው ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ሌንሱ ላይ ጠቆር ያለ ማጣሪያ ገጥሞ መዝጊያውን ማዘግየት ሞገዱን ያደበዝዘዋል፤ እኔ ግን ይህን እንደ ጥገና አልቆጥረውም፤ ንዝረቱ እዚያው አለና።